ከአምስት ሥዕሎች የተለየውን መምረጥ፦ ጎኑን ቁጠሩ፣ ጥቁሩን እዩ፣ ከዚያ እጠፉ

"ከሚከተሉት ሥዕሎች ከሌሎቹ የሚለየው የትኛው ነው?" የሚለውን ጥያቄ አፕቲትዩድ ያጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አምስት ሥዕል ይደረደራል፣ አራቱ ዘመድ ናቸው፣ አንዱ ባዳ ነው። ባዳውን አግኙ ነው ነገሩ።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ክረምት ላይ ተማሪ ሳስጠና አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ልጆቹ አምስቱንም ሥዕል በአንድ ጊዜ በዓይናቸው ይጠርጉና "ይሄኛው ለየት ይላል" ብለው ያጠቁራሉ። አንዳንዴ ያገኙታል። ግን "ሌሎቹ አራቱ በምን ይመሳሰላሉ?" ስትሏቸው ዝም ይላሉ። ችግሩ እሱ ላይ ነው። ጥያቄው የተለየውን ፈልጉ ይበል እንጂ ሥራው አራቱ የሚመሳሰሉበትን ማግኘት ነው። አራቱን የሚያስተሳስረውን ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ገና መልስ የላችሁም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ሕግ ያዙ፦ ያገኛችሁት ልዩነት ሥዕሎቹን አራት ለአንድ መክፈል አለበት። ሦስት ለሁለት ከከፈለ ጣሉት፣ ቀጣዩን ሞክሩ። አታባብሉት፣ አትከራከሩለት። ጣሉት ብቻ።

የምንሞክራቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የጎን ቁጥር፣ የጠቆረው ክፍል፣ የሲሜትሪ መስመር። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፣ ምክንያቱም ጎን መቁጠር ፈጣን ነው፣ ጥቁሩን ማየት ትንሽ ይከብዳል፣ ሲሜትሪ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ቀላሉ ከመለሰው ከባዱ ጋ መድረስ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ጎን ቁጠሩ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚሳሳተውም ካሬና ሦስት ማዕዘን ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ያለው ቅርጽ ሲመጣ ነው።

አንዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ተነሥታችሁ በጠርዙ ዙሩ፣ መስመሩ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር አንድ በሉ፣ ነጥቡ ጋ ስትመለሱ የመጨረሻውን አንድ ብላችሁ አቁሙ። ነጥቡን ካላደረጋችሁ የት እንደጀመራችሁ ይጠፋችሁና አንዱን ጎን ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ፣ ወይም ትዘላላችሁ።

ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ስንት ጎን አለው? "አምስት" የሚል ብዙ ነው። ጫፉ አምስት ነው፣ ጎኑ ግን አሥር ነው፣ በየሁለቱ ጫፍ መካከል ወደ ውስጥ የገባ ጥግ አለና። ወፍራም ቀስት (ሦስት ማዕዘን ራስ፣ ቀጥ ያለ እጀታ ያለው) ሰባት ጎን አለው። ተራ መስቀል፣ አራት ክንድ ብቻ ያለው፣ በጠርዙ ሲዞሩት አሥራ ሁለት ጎን ይሆናል። የላቲኑ ኤል ቅርጽ በወፍራሙ ሲሣል ስድስት ነው፣ ስለዚህ ከሄክሳጎን ጋር አንድ ላይ ሊሰለፍ ይችላል። ፈታኝ ደግሞ ይሄን ይወዳል፦ መልካቸው የማይገናኝ፣ ጎናቸው ግን እኩል ስድስት የሆኑ አራት ቅርጾች ያመጣና አምስተኛውን ባለ ሰባት ጎኑን ቀስት ያደርገዋል። በዓይን የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ አንድም ዘመድ አያይም። የሚቆጥር ሰው ወዲያው ያገኘዋል።

ሁለት ነገር አታደባልቁ። ቅርጹ ውስጥ የተሰመረ መስመር ጎን አይደለም፣ ጎን የሚባለው የዙሪያው ጠርዝ ብቻ ነው። የውስጡን መስመር ለብቻው ቁጠሩና ለብቻው ያዙት። ክብና ግማሽ ክብ ከመጡ ደግሞ ቀጥ ያለውን ጠርዝና የጎበጠውን ለዩ። ግማሽ ክብ አንድ ቀጥ ያለ፣ አንድ የጎበጠ ጠርዝ አለው።

ስትቆጥሩ ቁጥሩን ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ጻፉት። በጭንቅላት አትያዙት። 4፣ 4፣ 6፣ 4፣ 4 ከወጣ ጨረሳችሁ። 4፣ 4፣ 4፣ 6፣ 8 ከወጣ ግን ሦስት ለሁለት ነው፣ "ስምንቱ ትልቅ ስለሆነ እሱ ነው" ብላችሁ አትዝለሉበት። እለፉ።

ቀጥሎ የጠቆረውን እዩ

ጥቁሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት እጁ ጠቆረ? የት ነው የጠቆረው? በምን ዓይነት ጠቆረ (ሙሉ ጥቁር፣ ሰረዝ ሰረዝ፣ ነጥብ ነጥብ)? የመጨረሻው በዓይን ይታያል፣ አልቆምበትም። ቦታውም ብዙ አያስቸግርም። የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አራት ቦታ የተከፈለ ካሬ ሁለቱ ጠቁሯል። ስድስት ቦታ የተከፈለ ሄክሳጎን ሦስቱ ጠቁሯል። ስምንት ቦታ የተከፈለ ሬክታንግል አራቱ ጠቁሯል። አምስት ቦታ የተከፈለ ፔንታጎን ሁለቱ ጠቁሯል። ስድስት ቦታ የተከፈለ ሦስት ማዕዘን ሦስቱ ጠቁሯል። በየሥዕሉ የክፍሎቹ ስፋት እኩል ነው።

የጠቆሩትን ቁራጮች ብቻ ከቆጠራችሁ 2፣ 3፣ 4፣ 2፣ 3 ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ "አራት ያለው ሬክታንግሉ ብቻ ነው" የሚል አለ፣ ሌሎቹ አራቱ ግን እርስ በርስ እኩል አይደሉም፣ ስለዚህ ዘመድ አላገኘላቸውም። የጠቆረውን ከጠቅላላው ጋር ስታስተያዩት ካሬው ግማሽ፣ ሄክሳጎኑ ግማሽ፣ ሬክታንግሉ ግማሽ፣ ሦስት ማዕዘኑ ግማሽ ነው። ፔንታጎኑ ከአምስት ሁለት ነው። እሱ ነው ባዳው። "አራቱም ግማሻቸው ጠቁሯል" ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ቻላችሁ፣ ጉዳዩ አለቀ።

ግማሽ መሆኑን ስታረጋግጡ ግን ቁራጮቹ እኩል መሆናቸውን እዩ። ሁለት ቦታ የተከፈለ ሁሉ ግማሽ ግማሽ አይደለም። ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ የሆነ ትራፒዚየም ቁመቱ አጋማሽ ላይ በአግድም መስመር ለሁለት ቢከፈል የታችኛው ቁራጭ ይበልጣል።

ሲሜትሪ፣ ትልቁ ሥራ

ጎኑም ጥቁሩም አራት ለአንድ ካልሰጣችሁ፣ ያኔ ሲሜትሪ ነው። የሲሜትሪ መስመር ማለት ወረቀቱን በሱ ላይ ብታጥፉት ሁለቱ ወገን ልክ ልክ የሚገጥሙበት መስመር ነው። "ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር" ማለት ግን አይደለም። ይሄን ልዩነት ያልያዘ ሰው ይሄ ዓይነት ጥያቄ ሁሌም ይበላዋል።

ከደብተር አንድ ገጽ ቅደዱ። ገጹ ሬክታንግል ነው። በቁመቱ አጋማሽ እጠፉት፣ ይገጥማል። በወርዱ አጋማሽ እጠፉት፣ ይገጥማል። አሁን ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሚሄደው መስመር ላይ እጠፉት። ሌሎቹ ሁለት ጥጎች አይገናኙም፣ ሁለት ሹል ጆሮ ጎን ለጎን ብቅ ይላል። ያ መስመር ገጹን በስፋት እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፣ ግን የሲሜትሪ መስመሩ አይደለም። ሬክታንግል ሁለት መስመር ብቻ አለው። ካሬ ግን በጥጎቹም ስለሚታጠፍ አራት አለው።

ሌሎቹን በዚሁ መንገድ እያጠፋችሁ ለዩአቸው። ሮምበስ ሁለት አለው፣ ሁለቱም ከጥግ ወደ ጥግ ናቸው። ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን አንድ፣ ሦስቱም እኩል ከሆነ ሦስት፣ ሁሉም የተለያየ ከሆነ ምንም። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆነ ቅርጽ ሁሉ የጎኑን ቁጥር ያህል መስመር አለው፦ ፔንታጎን 5፣ ሄክሳጎን 6፣ ባለ ስምንት ጎኑ 8። ፓራሌሎግራም፣ ማለትም እንደተገፋ ሬክታንግል ያዘመመው፣ ምንም የለውም። ዜሮ። ሰው ይሄን አምኖ ለመቀበል ይቸገራል፣ ምክንያቱም ፓራሌሎግራም ግማሽ ዙር ሲዞር ራሱን ይመስላል፣ ዓይንም መዞሩን እንደ መታጠፍ ይቆጥረዋል። መዞርና መታጠፍ ግን የተለያዩ ናቸው።

ቤት ስትለማመዱ የሚረዳ አንድ መፈተኛ አለ። ቅርጹን ስስ ወረቀት ላይ ሣሉት፣ ወረቀቱን ገልብጡትና በጀርባው በኩል ወደ መስኮት ብርሃን ያዙት። በጀርባ የሚታየውን ቅርጽ እያዞራችሁ ከፊት ከነበረው ጋር ማግጠም ከቻላችሁ ቢያንስ አንድ የሲሜትሪ መስመር አለው። ምንም ብታዞሩት ካልገጠመ የለውም። ፓራሌሎግራሙን በዚህ ሞክሩት፣ ወደ ግራ ያዘመመው ከጀርባ ወደ ቀኝ ያዘመመ ይሆናል፣ ብታዞሩትም እንደዚያው ነው።

ከላይ የጠቀስኩት መስቀል ላይም ሞክሩት። አራቱ ክንዶች እኩል ከሆኑ አራት መስመር አለው፦ ሁለቱ በክንዶቹ መሐል፣ ሁለቱ በክንዶቹ መገናኛ ጥግ በኩል። የታችኛው ክንድ ብቻ ከረዘመ ግን አንድ ብቻ ይቀራል፣ የቁመቱ። ጎኑ ሁለቱም ላይ አሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ ጎን ብቻ የቆጠረ ሰው ሁለቱን መስቀሎች አይለያቸውም።

ጥቁሩና ሲሜትሪው ሲገናኙ

አሁን ከባዱ መጣ። ቅርጹ ውስጥ ጥቁር ካለ፣ ሲታጠፍ ጠርዙ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩም በጥቁር ላይ፣ ነጩም በነጭ ላይ መውደቅ አለበት። ግራው ግማሽ የጠቆረ ካሬ በቁመቱ ብታጥፉት ጥቁሩ ነጩ ላይ ያርፋል፣ ያ መስመር ጠፋ። በአግድም ብታጥፉት ግን ጥቁር በጥቁር፣ ነጭ በነጭ ነው፣ ቆየ። ከአራቱ አንድ ቀረ።

እዚህ ላይ ሥራችሁን በጣም የሚያቀልል ነገር አለ፦ ጥቁሩ የሲሜትሪ መስመር ሊያጠፋ ይችላል እንጂ አዲስ መስመር ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የባዶውን ቅርጽ መስመሮች ዘርዝሩ፣ ከዚያ እነሱን ብቻ አንድ በአንድ ፈትሹ። ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ይሄን ጥያቄ እንሥራው።

ሀ. ካሬ፣ ከላይ ግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ ተሰምሮ የታች ግራው ግማሽ የጠቆረ።
ለ. ሬክታንግል፣ መሐሉ ላይ በቁመት ተሰምሮ ግራው ግማሽ የጠቆረ።
ሐ. ሬክታንግል፣ ከላይ ግራ ጥግ ወደ ታች ቀኝ ጥግ ተሰምሮ የላይ ቀኙ ግማሽ የጠቆረ።
መ. በጎኑ የተቀመጠ ሄክሳጎን፣ ከላይኛው ጎን አጋማሽ ወደ ታችኛው ጎን አጋማሽ ተሰምሮ ቀኙ ግማሽ የጠቆረ።
ሠ. በጎኑ የተቀመጠ ባለ ስምንት ጎን፣ ከላይኛው ጎን ግራ ጥግ ወደ ታችኛው ጎን ቀኝ ጥግ ተሰምሮ ግራው ግማሽ የጠቆረ።

ጎን እንቁጠር፦ 4፣ 4፣ 4፣ 6፣ 8። ሦስት ለሁለት ነው። ጣልነው። ጥቁሩስ? ሁሉም ግማሽ ነው፣ አምስት ለዜሮ። ቦታውን እንይ፦ ሀ፣ ለ እና ሠ በግራ በኩል፣ ሐ እና መ በቀኝ በኩል ናቸው። እንደገና ሦስት ለሁለት። የተሰመረው መስመር ከጥግ ወደ ጥግ ነው ወይስ ከጎን አጋማሽ? ሀ፣ ሐ፣ ሠ ከጥግ፣ ለ እና መ ከአጋማሽ። አሁንም ሦስት ለሁለት! ፈታኙ ሆን ብሎ በሮቹን ዘግቷል። ጎኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው ወይ ብትሉም ለ እና ሐ ሁለቱ አይደሉም።

ሲሜትሪ ቀረ። ሀ ላይ ባዶው ካሬ አራት መስመር አለው። የቁመቱና የአግድሙ ጥቁሩን ከነጩ ያጋጫሉ፣ የተሰመረው ራሱም እንደዚያው። ሌላኛው፣ ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ የሚሄደው፣ ይሠራል። አንድ። ለ ላይ የአግድሙ ይሠራል፣ የቁመቱ አይሠራም። አንድ። መ ላይ መከፈያውን በመሐል ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው የአግድም መስመር ከጥግ ወደ ጥግ ያልፋል፣ ይሠራል። ሌሎቹ አምስቱ አይሠሩም። አንድ። ሠም በተመሳሳይ መከፈያውን በቀጥታ ማዕዘን የሚያቋርጠው ይሠራል። አንድ።

ሐስ? ባዶው ሬክታንግል ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፣ የቁመቱና የአግድሙ። በቁመቱ ብናጥፍ የላይ ቀኙ ጥግ በሙሉ ጥቁር ነው፣ የላይ ግራው ግን መስመሩ ስለሚከፍለው በከፊል ነጭ ነው፣ አይገጥምም። በአግድሙ ብናጥፍም እንደዚያው። ዜሮ። መልሱ ሐ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም "አራቱ አንድ አንድ የሲሜትሪ መስመር አላቸው" ነው።

ይሄንኑ ሳስረዳ አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ሐ ላይ የተሰመረው መስመር እኮ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል" አለችኝ። "እኩል ይከፍለዋል፣ እስቲ ግን እጠፊው" አልኳት። ገጽ ቀዳ አጠፈችው። ሁለቱ ጆሮዎች ወጡ። "እና ካሬው ላይ ለምን ሆነ?" ብላ ጠየቀች፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ካሬው ላይም የተሰመረው መስመር ራሱ አልሠራም፣ ጥቁሩን ነጩ ላይ ይጥለዋልና። የሠራው ሌላኛው፣ የሚያቋርጠው ነው። ሬክታንግል ላይ ግን የሚያቋርጠውም መስመር ሲጀመር የለም። ነገሩ የገባት ያኔ ነው፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ይሄን አላስረዳም።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ፎቶ ኮፒ። ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረገ የጥያቄ ወረቀት ላይ ቅርጹ ሊለጠጥ ይችላል። ካሬው ሬክታንግል፣ ክቡ እንቁላል ይመስላል። ያኔ የሲሜትሪ ቁጥሩ ይዛባል። ለማረጋገጥ የሌላ ወረቀት ጠርዝ አንዱ ጎን ላይ አድርጉና ርዝመቱን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙራችሁ ከሌላው ጎን ጋር አስተያዩት። ገጹ ላይ ያሉት ካሬ መሳዮች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በትንሹ ከሰፉ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ ካሬ ብላችሁ ያዙአቸው። አንዱ ብቻ ከሰፋ ግን ሆን ተብሎ ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማየት የወረቀቱ ጥግ ራሱ ይበቃል።

የቆመበት አኳኋን። በጥጉ የቆመ ካሬ ካሬ ነው፣ ሮምበስ ብላችሁ ሁለት መስመር አትስጡት። ወረቀቱን አዘንብላችሁ እዩት።

ሁለት መልስ ሲመጣ። አንዳንዴ በጎን አንዱ፣ በጥቁር ደግሞ ሌላው ይለያል፣ ሁለቱም አራት ለአንድ። ይሄ የጥያቄው ድክመት ነው፣ ግን ምርጫ ማድረግ አለባችሁ። እኔ የምለው፣ አራቱን በአንድ ቁጥር የሚያስተሳስረውን ያዙ። "አራቱ ግማሻቸው ጠቁሯል" የሚለው ጠንካራ ነው። "አራቱ ስድስት ጎን የላቸውም" የሚለው ግን አራቱ በምን እንደሚመሳሰሉ አይነግረንም፣ የሌላቸውን ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለቱም እኩል ጠንካራ ከሆኑ ቀድሞ የሚቆጠረውን፣ ማለትም ጎኑን፣ አስቀድሙ።

ልምምዱን በካሬ ደብተር ሥሩ፣ የሒሳብ ደብተሩ ላይ ካሬዎቹ ስለተሰመሩ እኩል ጎን ለመሣል ማስመሪያ አያስፈልግም። ከዚያ ራሳችሁ ጥያቄ አውጡ፦ መጀመሪያ አራቱን የሚያመሳስለውን ሕግ ጻፉ፣ አምስት ሥዕል ሣሉ፣ አንዱን አበላሹ፣ ቀጥሎ በጎንና በጥቁር ቦታ ሦስት ለሁለት እንዲሆኑ አስተካክሉ። ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ስጡና ከናንተ የተለየ መልስ ካመጣ በምን ሕግ እንዳመጣው ጠይቁት። ሕጉ አራት ለአንድ ከከፈለ ጥያቄያችሁ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ያንን ሥዕል ቀይሩትና እንደገና ስጡት።